አጎበር እያለን፣ ቤቱም ተረጭቶ፣ ወባ ለምን ያዘን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ዘንዘልማ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳንርቅ ነው። ሐምሌ ላይ ቤታችን ተረጭቷል፤ ሁለት አጎበርም አለን። ይሁንና ጥቅምት 12 የ9 ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዘው። ጤና ጣቢያ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው ብለው የ3 ቀንና የ14 ቀን ክኒን ሰጡት። በ4ኛው ቀን ስለዳነ የቀረውን ተውነው። ባለቤቴ ጥቅምት 25 ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ተመለሰ፤ ኅዳር 3 አመመው። የልጁን የተረፈ ክኒን ለ5 ቀን ወሰደ፣ አልተሻለውም። ሲመረመር ፋልሲፓረም የሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ነው ተባለ። ጥር 8 ደግሞ ልጄን እንደገና ያዘው። ታዲያ አጎበሩና ርጭቱ ምን ጠቀመን? ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው መፍትሔ የለውም ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ሦስቱን ሕመሞች አንድ ላይ ደምረው ነው በአጎበሩና በርጭቱ ላይ የፈረዱት። ሦስቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የጥቅምቱ እዚያው ሰፈራችሁ ውስጥ የተያዘ ነው። የኅዳሩ ከመተማ በሰው ደም ተጭኖ የመጣ ነው። የጥር 8ቱ ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከራሱ ከልጁ ጉበት የወጣ ነው። የቤታችሁ አጎበርና ርጭት ሊያስቀሩት ይችሉ የነበረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን የሚያቆመው መድኃኒት ነበር፤ እሱ ነው ያልተሳካው።

ከጥቅምት 12 ወደ ኋላ እንቁጠር። ሰው ቫይቫክስ በያዘች ትንኝ ከተነከሰ በኋላ ትኩሳቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 14 እንበል። ስለዚህ ልጅዎ የተነከሰው መስከረም 28 አካባቢ ነው። በዚያ ሌሊት የወባ ተህዋስ በትንኟ ምራቅ ገባ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጉበቱ ደረሰ። እዚያ ከሳምንት በላይ ድምፁን አጥፍቶ ተራባ። ልጁ ግን ይጫወታል፣ ይበላል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከዚያ ተህዋሱ ወደ ደም ወጥቶ ቀይ የደም ሴሎችን እየገባ ያፈነዳ ጀመር። ትኩሳቱና ብርዱ የመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ትንኟ እንሂድ። ትንኝ ወባ ይዛ አትወለድም። ከእንቁላል የምትወጣው ንጹሕ ሆና ነው። ወባውን የምታገኘው ከሰው ደም ነው። ከታመመው ሰው ደም ጋር ወንዴና ሴቴ ተህዋሲያንን ትመጥጣለች። እነሱ ሆዷ ውስጥ ይዳቀላሉ፤ የጨጓራዋን ግድግዳ በስተው ጥቃቅን ከረጢት ይሠራሉ። ከረጢቶቹ ሲፈነዱ ልጆቻቸው ወደ ምራቅ እጢዋ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ የጊዜውን ርዝመት የሚወስነው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ ለቫይቫክስ 10 ቀን ገደማ ይበቃል። በባሕር ዳር የጥቅምት ወቅት አማካይ፣ ማለትም 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ግን ወደ 19 ቀን ይወስዳል። ፋልሲፓረም ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 4 ሳምንት ሊጠጋ ይችላል። በጎጆ ውስጥ እሳት ስለሚነድና ሰውና ከብት ስለሚተነፍስ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ ከመስከረም 28 ላይ 19 ቀን ቀንሱ። መስከረም 9 ላይ ያርፋል። ማለትም ልጅዎን የነከሰችው ትንኝ በእንቁጣጣሽ ማግስት ሳምንት ከናንተ ጎረቤት አንዱን፣ ደሙ ውስጥ ተህዋስ የያዘውን ሰው ነክሳለች። ሰውየው ምናልባት «ብርድ መታኝ» ወይም «ምች ነው» ብሎ ተኝቶ ይሆናል። ከዚያ ቀን እስከ መስከረም 28 ትንኟ ሳትሞት መቆየት ነበረባት። ወባ የሚተላለፈው በዚህች በአንዲት ትንኝ ረጅም ዕድሜ ነው።

ይህን ካላስተዋልን አጎበርና ርጭት ምን እንደሚሠሩ አይገባንም። ብዙ ሰው «ትንኝ እንዳትነክሰኝ» ብቻ ነው የሚያስበው። የእነሱ ትልቁ ሥራ ግን የትንኟን ዕድሜ ማሳጠር ነው። በጥሬ ቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሩን የወሰድኩት ለማሳያ ነው። 1,000 ትንኞች ዛሬ ከታመመ ሰው ደም መጠጡ እንበል። አጎበርም ርጭትም በሌለበት ሰፈር በየቀኑ ከመቶ 10 ቢሞቱ፣ ከ19 ቀን በኋላ 135 ያህሉ በሕይወት አሉ። እነዚህ 135ቱ ወባ ያስተላልፋሉ። አጎበርና ርጭት ባለበት ሰፈር በየቀኑ ከመቶ 30 ቢሞቱስ? ከ19 ቀን በኋላ የምትቀረው 1 ትንኝ ብቻ ናት። የሚሞቱት ቁጥር ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ከመቶ እጥፍ በላይ አነሰች ማለት ነው። የቀኑ ሞት በየቀኑ ስለሚባዛ ነው።

ትንኟ ደም የምትፈልገው እንቁላል ለማብሰል ነው፤ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ትወጣለች። በ19 ቀን ውስጥ ከ6 ጊዜ ያላነሰ ሰው ፍለጋ ቤት ትገባለች ማለት ነው። እያንዳንዱ ጉብኝት ለኛ ዕድል ነው። ጎረቤትዎ ጥሩ አጎበር ከሰቀለ አንዷ ዕድል ናት። የማዶው ቤት ግድግዳ ከተረጨ ሌላዋ ናት። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ደኅንነት በእርስዎ ቤት ብቻ አይወሰንም። ይህን ስል ቀበሌው ከ10 ቤት 8ቱን ካላዳረሰ ርጭቱ ለሰፈሩ ብዙም አይፈይድም ማለቴ ነው። «የኔን ቤት አትርጩት፣ እቃ አወጣለሁ አገባለሁ እያልኩ አልቸገርም» የሚል ጎረቤት የራሱን ቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

አጎበሩን እንመልከት። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መከላከያ ነው፤ ሁለተኛው መግደያ ነው። ትንኟ የሰው ትንፋሽና ሽታ ስቧት መጥታ ጨርቁ ላይ ስታርፍ ኬሚካሉ በእግሯ ይገባል። ስለዚህ ጥቂት ቀዳዳ ያለው አጎበር ሥራ አቆመ ማለት አይደለም። እየገደለ ነው። ግን እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለው ስፉት። በደረጃው መሠረት አጎበር 20 ጊዜ እስኪታጠብና 3 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ይሠራል ተብሎ ነው የሚሠራው። በየሳምንቱ በጠንካራ ሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ አጎበር ግን ይህን ያህል አይቆይም። ለስላሳ ሳሙና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። ደግሞ እባክዎን ሐይቁ ውስጥ አይጠቡት። ኬሚካሉ ለሰው ብዙም አይከፋ እንጂ ለዓሣ መርዝ ነው። አጥባችሁ እጣቢውን ከውሃ ራቅ ያለ መሬት ላይ ድፉት።

የቤተሰቡን ብዛት አልጻፉም። ሁለት አጎበር የሚበቃው ለአራት ሰው ነው። አምስተኛ ሰው ካለ አንድ ሰው ውጭ ነው። በገጠር ቤት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ቁርበት ወይም ምንጣፍ የሚነጠፍለት ትልቁ ልጅ ነው። የ9 ዓመት ልጅዎ እዚያ ይሆን?

የአጎበሩ ገደብም አለ። በጣና ዙሪያ ዋነኛዋ የወባ ትንኝ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። ይህች ትንኝ አስቸጋሪ ናት። ሰውም ከብትም ትነክሳለች። ቤት ውስጥም ውጭም ትነክሳለች። ጨለማ ሲይዝ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መነሣት ትጀምራለች። ልጅ አጎበር ውስጥ የሚገባው ደግሞ 3 ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ ሁለት ሰዓት ደጅ ላይ፣ ከእሳቱ ዳር ወይም በረት አጠገብ ያልፋል። በዚህ ሁለት ሰዓት የሚሆነውን አጎበር አይመልሰውም። እዚያ ላይ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይረዳል፤ ከጨለመ በኋላ የልጆችን ጨዋታ ወደ ቤት ማስገባትም ይረዳል። በነገራችን ላይ ሌሊት ጆሮ ላይ «ዝዝዝ» የምትለዋ ቢምቢ አብዛኛውን ጊዜ የወባዋ አይደለችም። እሷ ከከተማ ቦይና ከቆሻሻ ውሃ የምትወጣ ሌላ ዘር ናት። የወባዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ ቀስራ ስለምትቀመጥ ከርቀት ትታወቃለች። ስለዚህ «ዛሬ ቢምቢ አላስቸገረኝም» ብሎ አጎበሩን መጠቅለል አያዋጣም።

አሁን ርጭቱ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ርጭት ትንኝን ከቤት አያባርርም፤ የመጀመሪያውን ንክሻም አያስቀርም። ትንኟ ነክሳ ደሟን ሞልታ ስትከብድ፣ መብረር ስለሚያቅታት ግድግዳ ላይ አርፋ ትፈጫለች። ግድግዳው ላይ ያለው መድኃኒት የሚይዛት ያኔ ነው። ነክሳዎታለች፤ ግን ሌላ ሰው ሳትነክስ ትሞታለች። የሚጠቀመው በሚቀጥለው ሳምንት የምትነክሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። «ረጭተውልን ቢምቢ ገባች» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከርጭት በኋላ ትኋን በዛ የሚሉም አሉ። ርጭቱ ለትኋን የተዘጋጀ አይደለም። ትኋን ለእነዚህ ኬሚካሎች በቀላሉ የማይሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የርጭቱን ውጤት በትኋን አትለኩት።

አንድ ነገር አልጻፉልኝም። ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን ለቀለቃችሁት? እዚያ ላይ ነው ጥርጣሬዬ። ርጭቱ የሚደረገው ከትልቁ የወባ ወቅት በፊት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። እንደ ኬሚካሉ ዓይነትና እንደ ግድግዳው ከ3 እስከ 6 ወር ይሠራል። ጭቃ ግድግዳ ኬሚካሉን ስለሚመጥ እድሜውን ያሳጥረዋል። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ባልትና ያላት እናት ሁሉ ቤቷን ታሳምራለች። አዲስ ጭቃና እበት ወይም ኖራ ግድግዳው ላይ ይቀባል። ኬሚካሉ ከሥር ይቀራል። ትንኟ የምታርፈው በአዲሱ ላይ ነው። ሐምሌ የተረጨ ቤት መስከረም 1 ላይ እንዳልተረጨ ይሆናል። በመስክ ሥራ ላይ ግድግዳ ስንፈትሽ፣ ሾጣጣ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፈን ትንኞችን ለ30 ደቂቃ ከውስጡ እናስቀምጣለን። ከ24 ሰዓት በኋላ ስንት እንደሞቱ እንቆጥራለን። ባልተለቀለቀው ግድግዳ ላይ የነበሩት ሲረግፉ፣ በተለቀለቀው ላይ የነበሩት ሲበርሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ግን ሁሌም «ተረጭቷል» ነው የሚለው፤ ቅጽ ላይም ተረጭቷል ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ልቅለቃው የግድ ከሆነ ከርጭቱ በፊት ይደረግ። የርጭት ቡድኑ የሚመጣበትን ሳምንት ጤና ኬላው ያውቃል፤ ቀደም ብለው ይጠይቁ።

ስለ ሐይቁ የጠየቁት መልስ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሐይቁን ያለ ጥፋቱ ይከሳል። የወባዋ ትንኝ በሰፊው ጣና ላይ አትፈለፈልም። ማዕበሉ እጩን ያናውጠዋል፤ ዓሣም ይበላዋል። የምትወደው ፀሐይ የሚመታው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ለጥቂት ሳምንት የሚቆይ ኩሬ ነው። የከብት ኮቴ ያሰመጠው ጉድጓድ፣ ጡብ ለመሥራት አፈር የወጣበት ጉድጓድ፣ የመስኖ ቦይ ጠርዝ፣ የፎገራ የሩዝ ማሳ። ችግሩ ሐይቁ ሲሸሽ ነው። ጣና በመስከረም መጨረሻ ከሞላ በኋላ ከኅዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይጎድላል። የሸሸበት ጭቃ ላይ ከብት ውሃ ሲጠጣ ያደረገው ኮቴ ሁሉ ትንሽ ኩሬ ይሆናል። ከዳር የራቀ ቀበሌ ላይ ኩሬው ሲደርቅ፣ የሐይቁ ዳር ሰው ኩሬ አለው። ከእንቁላል ወደ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በቂ ነው። ስለዚህ ከቤትዎ አቅራቢያ ያሉትን ጥቃቅን ኩሬዎች መድፈን ይጠቅማል፤ ሐይቁን ግን መድፈን አይቻልም፤ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች የሚሉትን ነገር ላንሳ። «ወባ እሸት በቆሎና አገዳ በመብላት ይመጣል» ይላሉ። በመብላት አይመጣም። ነገር ግን በቆሎውን ሙሉ በሙሉ ከጉዳዩ ማውጣትም አይቻልም። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲረግፍ ለወባ ትንኝ እጭ ጥሩ ምግብ እንደሚሆን አሳይቷል። እጩ በደንብ በልቶ ካደገ ብዙና ጠንካራ ትንኝ ይወጣል። እሸቱ የሚደርስበትና ወባው የሚመጣበት ወቅት መገጣጠማቸው ተራ አጋጣሚ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ወቅቱን በትክክል አይተዋል፤ መንገዱን ነው የሳቱት።

የአካባቢያችን ሌላ ባሕርይም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ወባ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም፤ አንዳንዴ በጣም ይቀንሳል። ይህ ጥሩ ይመስላል። ግን ሰው በየዓመቱ ስለማይለምደው ሰውነቱ መቋቋም አይችልም። ሙቀትና ዝናብ ሲገጥሙ ትልቅ ሰውንም ይጥላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው እንደያዘና 150,000 እንደገደለ ተገምቷል። ስለዚህ «እኛ ጋ ወባ ብዙም የለም» የሚባልበት ዓመት ከእሱ በኋላ ያለውን ዓመት አያመለክትም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ጥቅምት 25 ተመልሶ ኅዳር 3 ላይ አመመው። በመካከሉ 8 ቀን ነው። ፋልሲፓረም ከንክሻ እስከ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ በጣም የሚያሳምነው መተማ ላይ በመጨረሻዎቹ ቀናት መነከሱ ነው። አጨዳ ላይ ሰው ሜዳ ላይ ያድራል፤ አጎበርም ግድግዳም የለም። ይህ የእናንተ ቤት ጥፋት አይደለም።

ጥፋቱ የተፈጠረው በኋላ ነው። የልጁ የተረፈ ክኒን ፕሪማኩዊን ነበር። ፕሪማኩዊን ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ለማጽዳት የሚሰጥ እንጂ የፋልሲፓረምን ትኩሳት የሚያድን አይደለም። ወባ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ክኒኑም አንድ አይደለም። ለእሱ የሚያስፈልገው ኮአርተም ነበር። ለትልቅ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በጠቅላላ 24 ክኒን ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ ወደ ደም የሚገባው፤ ወተት ወይም ቅቤ ያለው ወጥ ይበቃል። በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው ግማሹን እንደጣለ ይቁጠር።

ያለፉት 5 ቀናት ለምን እንዳሳሰቡኝ ልንገርዎት። አንደኛው ሕይወቱ ነው። ፋልሲፓረም በ5 ቀን ውስጥ አእምሮን ሊይዝና ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ሰፈሩ ነው። ትንኟ ከሰው የምትወስዳቸው ወንዴና ሴቴ ተህዋሲያን በፋልሲፓረም ሰው ደም ላይ ወዲያው አይታዩም፤ ለመብሰል ከ10 ቀን በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውየው ትኩሳት በጀመረው ቀን ወይም በማግስቱ ከታከመ፣ ለትንኝ ምንም ሳያቀብል ይድናል። ፈጥኖ መታከም ትንኝ ሳይነካ የወባን መንገድ የሚቆርጠው በዚህ ነው። የዘገየው ግን ተህዋሱን ካበሰለ በኋላ ለብዙ ቀናት የትንኝ ምንጭ ይሆናል። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ከኮአርተም ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ፕሪማኩዊን የሚጨምረው፤ የበሰሉትን ለመግደል።

ቫይቫክስ ግን በዚህ አይገዛም። በቫይቫክስ ወንዴና ሴቴዎቹ ከትኩሳቱ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ይቀድሙታል። ልጅዎ በመጀመሪያው ቀን ቢታከምም፣ ከዚያ በፊት የነከሰችው ትንኝ ወስዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቫይቫክስ ዋናው ቁልፍ ሌላ ነው። ቫይቫክስ ሁሉንም ወደ ደም አያወጣም። ጥቂቱን ጉበት ውስጥ አስተኝቶ ያስቀምጣል። የ3 ቀኑ ክኒን፣ ክሎሮኪን፣ ደም ውስጥ ያለውን ብቻ ያጸዳል። ልጁ በ4ኛው ቀን የዳነው በእሱ ነው። የተኛው ግን የሚሞተው በ14 ቀኑ ፕሪማኩዊን ነው፤ እሱንም ተዋችሁት። ትኩሳቱ መሄዱ የጉበቱን መጽዳት አይነግርዎትም።

ጥር 8 ላይ የተመለሰው እንግዲህ ያ የተኛው ነው። አዲስ ንክሻ ሊሆን አይችልም ወይ? ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ተህዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ከወር ያልተናነሰ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፤ እስከዚያ የምትቆይ ትንኝ ጥቂት ናት። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ጉበት ያደላል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የዓለም ምርጡ አጎበርና ርጭት ይህን አያስቀሩም ነበር። ለእሱ ትንኝ አላስፈለገችም። ይባስ ብሎ ጥር ላይ የታመመ ልጅ በሚቀጥለው ዝናብ ለሚመጡት ትንኞች የመጀመሪያው ምንጭ ሊሆን ይችላል። መስከረም 9 ላይ ትንኟ የነከሰችው ጎረቤት ከየት እንዳመጣው ካሰቡ፣ ምናልባት እሱም ባለፈው ዓመት ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ነው።

የምመክርዎት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይመለሱ። ጥቅምት ላይ የተሰጠውን ፕሪማኩዊን በ4ኛው ቀን እንዳቆመ በግልጽ ይንገሩ። አይፈሩ፣ ማንም አይቆጣዎትም፤ ቢቆጣም ይንገሩ። መጠኑ በክብደቱ ስለሚሰላ ልጁን ያስመዝኑት። 14ቱንም ቀን ከምግብ በኋላ በእጅዎ ይስጡት፤ ግድግዳው ላይ 14 መስመር በከሰል አስምረው በየቀኑ አንዱን ይሰርዙ። ሆዱን ቢያጉረመርመው ከምግብ ጋር ይስጡት እንጂ አያቁሙ። አንድ ነገር ግን ያስቆማል። ሽንቱ እንደ ቡና አተላ ከጠቆረ፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም በድንገት ገርጥቶ ከደከመ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ያሳዩ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ደሙ ይህን መድኃኒት አይችልም፤ ከቻሉ አስቀድሞ የሚመረመርበት ጤና ተቋም ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር፣ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃንና ያንን ሕፃን የምታጠባ እናት ፕሪማኩዊን አይወስዱም። ለዚህ ነው ክኒን በቤት ውስጥ መዋዋስ የሚያስፈራው።

ከዚያ ቀጥሎ ትኩሳት የያዘውን ማንንም በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ያስመርምሩ። ጤና ኬላዋ ቅርብ ናት፤ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። የተመረመረው ሰው «የለብህም» ተብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ ግን በማግስቱ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ ይታይ። በሰሜን ኢትዮጵያ አንዳንዱ ፋልሲፓረም አንዳንድ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን አይሠራም፤ ስለዚህ አንድ «የለም» ሁሌ አያረጋግጥም። ደግሞ «ታይፎይድና ወባ አንድ ላይ» የሚል ምርመራ ቢሰጡዎት፣ የወባው ደም መታየቱን ብቻ ይጠይቁ። እንደሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው፣ መጠጣት ያቃተው፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀላፋና ለመንቃት የሚቸገር፣ ወይም ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ግን ኬላ አይጠብቅም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

አጎበሩን በተመለከተ፣ በቤት ያሉትን ሰዎች ቆጥረው ለሁለት ሰው አንድ እንዲደርስ ጎዶሎውን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ያስመዝግቡ። መሬት ላይ ለሚተኛው ልጅ አጎበሩን ዝቅ አድርገው ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር ይወትፉት። አዲስ ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሱት፤ ፊት የሚያሳክከው ያኔ ይቀንሳል። ልቅለቃውን ግን ዘንድሮ ሰኔ ላይ ይጨርሱት፤ ርጭቱ ካለፈ በኋላ እስከ ኅዳር መጨረሻ ግድግዳው አይነካ። ጳጉሜ ላይ ቤቱ ያልተለቀለቀ ቢመስልም እንግዳው ይረዳዎታል፤ ካልተረዳዎት ምክንያቱን ይንገሩት።

ባለቤትዎ ደግሞ በሚመጣው ዓመት መተማ ከሄደ አንድ አጎበር ይዞ ይሂድ፤ ሜዳ ላይ በአራት እንጨት ይሰቀላል። ከተመለሰ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የሚመጣ ማንኛውም ትኩሳት እስኪመረመር ድረስ ወባ ነው ተብሎ ይታሰብ፤ ለመርማሪውም «መተማ ነበርኩ» ይበል። የልጁ ክኒን ዘንድሮ አይተርፍም፤ ከተረፈ ግን ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ።